ለእድሩ ሦስት ፊርማ፣ ለወንድም አንድ ፊርማ

ዳምቦያ ውስጥ የአንድ እድር ገንዘብ ከባንክ እንዲወጣ ሊቀመንበሩ ብቻውን ቢሄድ አይሰጠውም። ገንዘብ ያዡ ብቻውን ቢሄድም አይሰጠውም። አባላቱ ሒሳቡ ሲከፈት «ከሦስቱ ቢያንስ ሁለቱ ካልፈረሙ አንድ ብር እንዳይነካ» ብለው በቃለ ጉባኤ አስይዘዋል። እዚያ ሒሳብ ውስጥ ያለው ለድንኳን፣ ለወንበርና ለቀብር የሚሆን ገንዘብ ነው። ሊቀመንበሩ ሌባ ነው ብሎ የሚያምን አንድም አባል የለም። ሆኖም ማንም «ተጠረጠርኩ» ብሎ አይቆጣም። ወጉ ነውና።

ያው የእድር አባል ልጁን ደቡብ አፍሪካ ልኮ፣ ልጁ በየወሩ የሚልከው ገንዘብ የሚገባበትን የጋራ ሒሳብ ሲከፍት ግን ነገሩ ይገለበጣል። ከእድሩ ሒሳብ ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ገንዘብ በአንድ ሰው ፊርማ እንዲወጣ ተደርጎ ይከፈታል። «ለምን ሁለት ፊርማ አይሆንም?» ብሎ የጠየቀ ሰው «ወንድሙን አያምንም» ተብሎ ይታማል።

የዚህ ጽሑፍ ክርክር አጭር ነው። በከምባታና በሐድያ ከተሞች በስደት ገንዘብ ምክንያት ወንድማማቾች ሲካሰሱ ሁሉም ሰው «ክህደት ነው» ይላል። ክህደት የለም አይባልም። ነገር ግን የብዙው ጠብ መነሻ የጋራ ሒሳቡ ሲከፈት ቅጹ ላይ የተሞላችው አንዲት ቃል ናት። በሁለቱ ባለሒሳቦች ስም መካከል «ወይም» ተብሎ ተጽፏል ወይስ «እና»? ቤተሰቡ ይህን ሳያስብበት፣ የባንኩ ሠራተኛም ሳያስረዳ የሚያልፈው ጥያቄ ከዓመታት በኋላ ሽማግሌ የማይፈታው፣ ፍርድ ቤትም የሚቸገርበት ጉዳይ ይሆናል።

ሁለቱ ቃላት ምን ማለት ናቸው?

የጋራ ሒሳብ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሰዎች በስማቸው የሚከፍቱት አንድ ሒሳብ ነው። ሲከፈት ባንኩ መታወቂያቸውን፣ ፎቷቸውንና የፊርማ ናሙናቸውን ይወስዳል። ከዚያ «ወጪ የሚደረገው በማን ፊርማ ነው?» ብሎ ይጠይቃል።

«ወይም» ከተባለ ከባለሒሳቦቹ አንዱ ብቻውን ቀርቦ እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ማውጣት ይችላል። ሌላው ይወቅ አይወቅ፣ ይስማማ አይስማማ ባንኩን አያገባውም። ባንኩ ለአንዱ ከከፈለ ለሁለቱም እንደከፈለ ይቆጠራል። ኋላ ላይ ሌላው መጥቶ «ገንዘቤን ለማን ሰጣችሁ?» ቢል መልሱ «ራሳችሁ በፈረማችሁት መሠረት ሰጠን» ነው። ይህም መልስ በሕግ ያስኬዳል።

«እና» ከተባለ ደግሞ ሁለቱም ካልፈረሙ ምንም አይወጣም። አንደኛው ቢታመም፣ ቢርቅ፣ ቢኳረፍ ወይም ቢሞት ገንዘቡ ባለበት ይቀመጣል። ብዙውን ጊዜ ለእንዲህ ያለው ሒሳብ የኤቲኤም ካርድም ሆነ ስልክ ላይ የሚሠራ ባንኪንግ አይሰጥም። ካርዱም ስልኩም የሚያውቁት አንድ የይለፍ ቁጥር ስለሆነ ሁለት ፊርማ ማስፈረም አይችሉም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። «ወይም»ም ሆነ «እና» የሚናገሩት ገንዘቡን ማን ማውጣት እንደሚችል እንጂ ገንዘቡ የማን እንደሆነ አይደለም። ማውጣት መቻልና ባለቤት መሆን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ባንኩ የሚያውቀው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ሁለተኛው ጠብ ሲነሳ በማስረጃ የሚወሰን ነው። ማስረጃ ከጠፋ ደግሞ ስማቸው ያለበት ሰዎች እኩል ባለድርሻ ናቸው ወደሚለው ግምት መሄድ ይመጣል። በየወሩ ሲልክ የኖረው ሰውና አንድ ብር ያላስገባው ሰው እኩል ሊቆሙ ይችላሉ ማለት ነው።

በቁጥር እንየው

ለምሳሌ ያህል ሁለት ወንድማማቾችን እንውሰድ። ታናሹ በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊና በሞዛምቢክ አድርጎ ጆሃንስበርግ ይደርሳል። መንገዱ ለአካባቢው ሰው እንግዳ አይደለም። ታላቁ ዳምቦያ ቀርቶ እናቱን፣ እንሰቱንና የታናሹን ሚስት ይጠብቃል። ታናሹ ከመሄዱ በፊት ሁለቱ ባንክ ሄደው የጋራ ሒሳብ ይከፍታሉ። ሠራተኛው «በአንድ ፊርማ ወይስ በሁለት?» ይላል። «በአንድ ይሁን፣ እሱ ሩቅ ነው» ይላል ታላቁ። እውነት ነው፣ ሩቅ ነው። ይፈረማል።

ታናሹ ለ3 ዓመት በየወሩ 20,000 ብር ያስገባል። ጠቅላላው 720,000 ብር ነው። ወለዱን ለጊዜው እንተወው። ሐሳቡ ዱራሜ ወይም ዳምቦያ ላይ ቤት መሥራት ነው።

በ3 ዓመት ውስጥ እናት ትታመማለች፤ ለሕክምና 90,000 ብር ይወጣል። ለታናናሾቹ ትምህርትና ለማዳበሪያ 60,000 ብር ይወጣል። ታላቁ ደግሞ «ገንዘቡ ቁጭ ብሎ ዋጋ እያጣ ነው፣ ላሠራው» ብሎ 450,000 ብር አውጥቶ ባጃጅ ይገዛል፤ ሱቅም ይከፍታል። ባጃጁም ሱቁም የሚመዘገቡት በእሱ ስም ነው። በመጨረሻ ለሠርግና ለለቅሶ፣ ለዚህም ለዚያም 80,000 ብር ይሄዳል። ታናሹ ተመልሶ ባንክ ሲገባ የሚያገኘው 40,000 ብር ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሌባ የቱ ጋ ነው? የእናት ሕክምና ስርቆት አይደለም። ማዳበሪያውም አይደለም። ባጃጁ ምናልባት በቅን ልብ የተገዛ ነው። 80,000ው ግን ምን እንደሆነ ማንም አያውቅም። «ወይም» የሚያደርገው ይህንን ነው። ትክክለኛውን ወጪ፣ አጠያያቂውንና ጥፋቱን በአንድ ከረጢት ይከትና አንዱን ከሌላው የሚለይ ምልክት ሳይተው ያልፋል።

ሽማግሌ፣ ፖሊስ፣ ፍርድ ቤት

ጉዳዩ መጀመሪያ ሽማግሌ ፊት ይቀርባል። ሽማግሌዎች የድንበር ጠብን ድንጋዩን አይተው፣ የከብትን ጠብ ጎረቤት ጠይቀው ይፈታሉ። የባንክ ሒሳብ ግን ምስክር የለውም። ያለው ቀንና መጠን የተጻፈበት የሒሳብ መግለጫ ነው። «ሰኔ 12፣ 50,000 ብር ወጪ» ይላል እንጂ ለምን እንደወጣ አይናገርም። ሽማግሌው የሚችለው ሁለቱን አስታርቆ መካከለኛ ቁጥር ማውጣት ነው። መካከለኛው ቁጥር ደግሞ የላከውን ያስቆጫል፣ የደከመውንም ያስከፋል።

ወደ ፖሊስ ቢኬድ በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 675 እምነት ማጉደል የሚባል ወንጀል አለ። በአደራ የተሰጠን ገንዘብ ለራስ ማድረግን ያስቀጣል። ነገር ግን ክሱ እንዲቆም ገንዘቡ የሌላ ሰው እንደነበርና ለተወሰነ ዓላማ በአደራ እንደተሰጠ መረጋገጥ አለበት። ታላቅየው ምን ይላል? «ሒሳቡ የእኔም ነው፣ ስሜ አለበት፣ ብቻዬን እንዳወጣ ወንድሜ ራሱ ፈርሟል» ይላል። «ለቤት ብቻ» የሚል ወረቀት ከሌለ አደራው በምን ይታያል? «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» የሚለው ተረት እዚህ ላይ አያግዝም። አደራው ጥብቅ የሚሆነው ሲጻፍ ነው።

በፍትሐ ብሔር ፍርድ ቤት ደግሞ ታናሹ ገንዘቡን እሱ እንዳስገባው ማስረዳት ይጠበቅበታል። ከባዱ ነገር ይህ ነው። ገንዘቡ በባንክ ወይም በሕጋዊ አስተላላፊ የተላከ ከሆነ የላኪው ስም፣ ቀኑና መጠኑ ይገኛል። በጥቁር ገበያ የተላከ ከሆነ ግን የሚሆነው ሌላ ነው። ጆሃንስበርግ ላይ ራንዱን የተቀበለ ሰው አለ፤ እዚህ ደግሞ የእሱ ሸሪክ ብሩን ለታላቅየው በእጁ ይሰጠዋል ወይም ራሱ ባንክ ሄዶ ያስገባዋል። በመግለጫው ላይ «አስገቢ» ተብሎ የሚታየው የማይታወቅ ሰው ስም፣ ባስ ሲልም የታላቅየው ስም ነው። እንግዲህ ወረቀቱ የሚናገረው ታላቅ ወንድም አስገባ፣ ታላቅ ወንድም አወጣ ነው። 3 ዓመት በቀዝቃዛ ኮንቴይነር ሱቅ ውስጥ ያደረው ሰው በወረቀቱ ላይ የለም።

ጥቁር ገበያው በብር ላይ ትንሽ ሊጨምር ይችላል። የሚቀንሰው ደግሞ ማስረጃን ነው። በአንድ ፊርማ ለሚወጣ የጋራ ሒሳብ በጥቁር ገበያ ገንዘብ የሚልክ ሰው ሁለቱንም በሮች ከፍቶ እንደተኛ ነው።

አገር ቤት ያለውም ከአደጋ ነፃ አይደለም

እስካሁን የተባለው የላኪው አደጋ ነው። ታላቅ ወንድምም የራሱ አለው፤ ስለሱ ግን ብዙ አይወራም።

«ወይም» ብሎ የፈረመ ሰው የሚወጣው ሁሉ በእሱ ላይ የሚቆጠርበት ሰው ነው። የእናቱን ሕክምና በእውነት ከፍሎ ደረሰኝ ካላስቀረ 90,000ውን «በላኸው» የሚለው ክስ ይጠብቀዋል። ሐቀኛውና አጭበርባሪው መግለጫው ላይ አንድ ዓይነት መልክ አላቸው። ሌባ ላልሆነ ሰው ከዚህ የከፋ ቦታ የለም። በ«እና» ሒሳብ ግን ለእያንዳንዱ ወጪ ወንድሙ ራሱ ወይም ሌላ የተስማሙበት ሰው ስለሚፈርም ታላቅየው ምስክር አለው ማለት ነው። ሁለተኛው ፊርማ ለላኪው ቁልፍ፣ ለአውጪው ደግሞ ጋሻ ነው። «ሁለት ፊርማ ካልክማ አላመንከኝም» የሚለው ኩርፊያ መሠረት የሚያጣው እዚህ ላይ ነው።

ዕዳም አለ። ታላቅየው ለሱቁ ከሌላ ሰው ተበድሮ መክፈል ቢያቅተው አበዳሪው ፍርድ ቤት ሄዶ በተበዳሪው ስም ያለን ሒሳብ ሊያሳግድ ይችላል። የጋራ ሒሳቡ ላይም የተበዳሪው ስም አለ። «ከዚህ ውስጥ ይሄን ያህሉ የእሱ አይደለም» ብሎ መቅረብና ማስረዳት የታናሹ ሥራ ይሆናል፤ ያውም ከጆሃንስበርግ ሆኖ። ይህ አደጋ በ«ወይም»ም በ«እና»ም ያለ ነው። «እና» የሌላውን እጅ ይይዛል እንጂ የሌላውን አበዳሪ አያቆምም።

ስሟ የሌለው ሦስተኛዋ ሰው

በምሳሌው ውስጥ የታናሹ ሚስት ተጠቅሳ ታልፋለች። በኑሮም እንዲሁ ነው የሚታለፈው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግም ሆነ ደቡብ ክልል ሳይከፋፈል በ1996 ዓ.ም. ያወጣው የቤተሰብ ሕግ አቋማቸው አንድ ነው፤ በጋብቻ ውስጥ ከባልም ሆነ ከሚስት ጉልበት የተገኘ ገቢ የጋራ ሀብት ነው። ጆሃንስበርግ ላይ የተሸጠው ብርድ ልብስ ትርፍ ዳምቦያ ላይ ቤት ለምትጠብቀው ሴትም ድርሻ አለው።

ሒሳቡ የተከፈተው ግን በባልና በወንድሙ ስም ነው። ባንክ ሄዳ «ስንት አለ?» ብትል አይነገራትም፤ ባለሒሳብ አይደለችማ። ወንድሙ በአንድ ፊርማ የሚያወጣው ገንዘብ ግማሹ የእሷ ነው፤ ግን አላወጣችም፣ አልፈረመችም፣ አልተጠየቀችም። ባልና ወንድም ተጣልተው ሽማግሌ ሲቀመጥ እንኳ «ጉዳዩ የወንድማማቾች ነው» ተብሎ ወንበር አይሰጣትም። «ወንድሜን ባላምነው ማንን አምናለሁ?» የሚለው ሰው ለዚህ ጥያቄ መልስ ሊኖረው ይገባል፤ የራሱን አምኖ መስጠት ይችላል፤ የሚስቱን ድርሻ ማን ሰጥቶት ነው በሌላ ሰው እምነት የሚያስይዘው?

«እና» ብቻውን መፍትሔ ነው ወይ?

አይደለም። ይህን ሳይናገሩ «ሁለት ፊርማ አድርጉ» ብሎ ማለፍ ሰውን ወደ ሌላ ጉድጓድ መምራት ነው።

ያንኑ ምሳሌ በ«እና» እንየው። እናት ትታመማለች። 90,000 ብር በሳምንት ውስጥ ያስፈልጋል። ገንዘቡ አለ፣ ሆስፒታሉ አለ፣ ሁለተኛው ፊርማ ግን ጆሃንስበርግ ነው። ታናሹ የመኖሪያ ወረቀት ስለሌለው መጥቶ መመለስ አይችልም። ቤተሰቡ ብድር ይገባል።

ያኔ ሁሉም ሰው የሚያስበው መውጫ ውክልና ነው። ታናሹ ፕሪቶሪያ ወደሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ሄዶ ውክልና ይሰጣል። ሰነዱ አዲስ አበባ መጥቶ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል፤ በሰነዶች ማረጋገጫ በኩል አልፎም ባንኩ ጋ ይደርሳል። ውክልናው ለማን ተሰጠ? ለታላቅ ወንድም! እንግዲህ ሰውየው ለራሱ አንዴ፣ በወንድሙ ስም ደግሞ አንዴ ይፈርማል። ቅጹ ላይ «እና» ይላል፤ በተግባር ግን «ወይም» ሆኗል። ያውም ከ«ወይም» በባሰ ሁኔታ፣ ምክንያቱም ጠቅላላ ውክልና ከሆነ ከዚህ ሒሳብ አልፎ ሌላም ይነካል። በጋራ ሒሳብ ጉዳይ ለራሱ ለተጣማሪው ውክልና መስጠት ሁለተኛውን ቁልፍ ከመጀመሪያው ጋር በአንድ ክር ማሰር ነው። ውክልና ግድ ከሆነ የሚሰጠው ለሦስተኛ ሰው ነው፤ የሒሳብ ቁጥሩና የሚወጣው መጠን ወይም ዓላማው ተጠቅሶ፣ «በዚህ ሒሳብ ብቻ» ተብሎ።

ሁለተኛው የ«እና» ችግር ኩርፊያ ነው። ሁለቱ ከተጣሉ አንዱ «አልፈርምም» ብሎ ገንዘቡን ለዓመታት ማሠር ይችላል። ይህ በዛሬው ብር ቀላል ቅጣት አይደለም። ብሔራዊ ባንክ ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ለቁጠባ እንዲከፈል የወሰነው ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ ነው፤ ገበያው ግን ከዚያ በላይ ሲሮጥ ኖሯል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህማ የብር ዋጋ በጥቂት ወራት ውስጥ ከግማሽ በታች ወርዷል። በኩርፊያ የታሰረ 720,000 ብር ቁጥሩ ሳይጎድል ቆርቆሮው፣ ሲሚንቶውና ብረቱ ይጎድልበታል።

ሞት ሲመጣ

ስለ ሞት ማውራት ነውር ይመስላል። ደቡብ አፍሪካ ላለ ሰው ግን ሩቅ ወሬ አይደለም። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2008ም ሆነ በ2015 በውጭ አገር ሰዎች ላይ ጥቃት ሲነሳ ኢትዮጵያውያን ሱቃቸው ተዘርፏል፤ ሕይወታቸውን ያጡም አሉ።

እንግሊዝ ወይም አሜሪካ የኖረ ዘመድ «የጋራ ሒሳብ ከሆነ የቀረው ሰው ይወርሰዋል» ሊል ይችላል። እዚያ አገር አብዛኛውን ጊዜ እንዲያ ነው። በኢትዮጵያ ግን የሟች ድርሻ የሚሄደው ለወራሾቹ ነው፤ ስሙ አብሮ የተጻፈ ሰው በመትረፉ ብቻ ባለቤት አይሆንም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቀዳሚ ወራሾች ልጆች ናቸው። ሚስት ድርሻዋን የምታገኘው ከሁሉ በፊት የጋራ ሀብት ባለቤት በመሆኗ ነው።

በ«እና» ሒሳብ ሞት ሲሰማ ገንዘቡ ይቆማል። ወራሾቹ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ እስኪያመጡ አይወጣም። ሞቱ የተከሰተው ውጭ አገር ከሆነ የሞት ማስረጃውም ተረጋግጦ መምጣት ስላለበት ጊዜ ይወስዳል፤ ልጆቹ ይቸገራሉ፤ ገንዘቡ ግን አለ። በ«ወይም» ሒሳብ ደግሞ ባንኩ ሞቱን እስኪሰማ ድረስ በሕይወት ያለው ሰው ማውጣት ይችላል። ለቅሶው ሳይነሳ ሒሳቡ ባዶ ሊሆን ይችላል። ልጆቹ ኋላ «የአባታችን ድርሻ» ብለው አጎታቸውን መክሰስ መብታቸው ነው። መብት መኖሩና ገንዘቡ መገኘቱ ግን ለየቅል ናቸው። ስለዚህ በ«ወይም» ሒሳብ ያለ ቤተሰብ መርዶ በመጣ ዕለት የመጀመሪያ ሥራው ለባንኩ በጽሑፍ ማሳወቅ ነው። ይህ ስስት አይደለም፤ የልጆችን መጠበቅ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ?

መልሱ ዳምቦያ ውስጥ አለ። እድሩ ካደረገው የተሻለ ዘዴ እስካሁን አልተገኘም።

አንደኛ፣ ገንዘቡ በሁለት ሒሳብ ይከፈል። ለዕለት ኑሮ፣ ለማዳበሪያና ለድንገተኛ ሕመም የሚሆነው በትንሽ ሒሳብ ውስጥ «ወይም» ሆኖ ይቀመጥ። እዚያ ውስጥ የሚኖረው ቢጠፋ ቤተሰብ የማይበትን መጠን ይሁን። ከ20,000ው 4,000 ወይም 5,000 እዚያ ቢገባ በሁለት ዓመት 100,000 ገደማ ይደርሳል፤ የእናትን ሕክምና የሚሸፍነው ይህ ነው። ቀሪው፣ የቤቱ ገንዘብ፣ በጣምራ ፊርማ ወደሚወጣው ሒሳብ ይግባ።

ሁለተኛ፣ ትልቁ ሒሳብ የሦስት ሰው ይሁን፤ ከሦስቱ የማናቸውም ሁለት ፊርማ እንዲበቃ ተደርጎ ይከፈት። ላኪው፣ ሚስቱና ወንድሙ። ላኪው ሩቅ ቢሆን ሚስትና ወንድም ተስማምተው ያወጣሉ፤ ሁለቱም ብቻቸውን አይችሉም። ወንድም ቢያኮርፍ ባል ሲመጣ ከሚስቱ ጋር ያወጣል። ይህ «እና»ን ከነጥንካሬው ይይዛል፤ መታሰሩን ግን ያላላል። ሚስትም ባለሒሳብ ስለሆነች መግለጫ የመጠየቅ መብት ይኖራታል። እንዲህ ያለውን ትእዛዝ ባንኩ ይቀበል እንደሆነ ከመፈረም በፊት መጠየቅ ነው፤ አንዱ ቅርንጫፍ ባይቀበል ሌላ ባንክ አለ።

ሦስተኛ፣ አንድ ገጽ ወረቀት ይጻፍ። «በዚህ ሒሳብ የሚገባው ገንዘብ የእገሌ ነው፤ ዓላማው ቤት መሥራት ነው፤ ለሌላ ጉዳይ የሚወጣው በስምምነት ብቻ ነው፤ ወጪ ያደረገ ደረሰኝ ያስቀምጣል» ተብሎ በምስክሮች ፊት ይፈረም። ያቺ ወረቀት ሽማግሌው የሚያየው የድንበር ድንጋይ ናት። ፍርድ ቤት ፊትም አደራው እንደነበር የምትናገር እሷ ናት። ከሷ ጋር የላኪው ስም ያለበት የሐዋላ ደረሰኝ ከተያዘ ክርክሩ ገና ሳይነሳ ያልቃል።

አራተኛ፣ ስልኩ ይታይ። «ወይም» በሆነው ሒሳብ ላይ የገቢና የወጪ መልእክት የሚደርሰው ለማን ቁጥር ነው? ብዙ ተጓዥ ሲም ካርዱን ለቤተሰብ ትቶ ይሄዳል። ባንኩ የላከው የማስጠንቀቂያ መልእክት ገንዘቡን ላወጣው ሰው ስልክ ከደረሰ ማንን አስጠነቀቀ? ሞባይል ባንኪንጉም በዚያው ሲም ከሆነ ላኪው በራሱ ሒሳብ ላይ ዓይንም እጅም የለውም።

ባንኮችም ከተጠያቂነት አያመልጡም። በስደት ገንዘብ የቆሙ ቅርንጫፎች በየከተማው ሞልተዋል፤ ተቀማጭ ለማምጣት ሠራተኛ ቤት ለቤት ይልካሉ። ያው ሠራተኛ የጋራ ሒሳብ ሲከፍት ሦስት ዓረፍተ ነገር ማንበብ አይከብደውም። «በአንድ ፊርማ ካላችሁ አንዳችሁ ሁሉንም ማውጣት ትችላላችሁ፤ ባንኩም አይጠየቅም። በሁለት ፊርማ ካላችሁ አንዳችሁ ከሌላችሁ ገንዘቡ አይወጣም። ከሁለታችሁ አንዱ ቢሞት ድርሻው የወራሾቹ ነው።» ይህን በአማርኛም በከምባትኛም በሐድይኛም ጮክ ብሎ አንብቦ ማስፈረም አንድ ደቂቃ አይፈጅም። «በአንድ ፊርማ ወይስ በሁለት?» ብሎ ጠይቆ ሳያስረዱ ማለፍ አገልግሎት አይባልም፤ ኃላፊነትን በደንበኛው ላይ መጣል ነው።

«ቤተሰብ በእምነት ነው የሚቆመው» የሚሉ ሰዎች ትክክል ናቸው። እድርም የቆመው በእምነት ነው። እድሩ ግን እምነቱን ለመጠበቅ ሁለት ፊርማ ጠየቀ፤ ለዚህም ነው ሊቀመንበሩና ገንዘብ ያዡ ከዓመታት በኋላም በአንድ ድንኳን ሥር አብረው የሚቀመጡት። ከሒሳቡ ይልቅ ወንድሙን ማቆየት የሚፈልግ ሰው «እና» ብሎ ይፈርም።